እንቅርቱ ወጣ፣ ጣቱ ደነዘዘ፦ ስለ ደም ካልሲየም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ፤ እንቅርት ካስወጡ ሰዎችና ከአስታማሚዎቻቸው ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥያቄዎች፣ በአክስቴ ላይ ከደረሰው ጋር እያያዝኩ እመልሳለሁ።

ካልሲየም የአጥንት ነገር አይደል እንዴ? ደም ውስጥ ምን ይሠራል?

የአጥንት ነገር መሆኑስ እውነት ነው። አንድ አዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ አንድ ኪሎ ገደማ ካልሲየም አለው። ከዚያ ውስጥ 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ተቀምጧል። ደም ውስጥ የሚዞረው ግራም እንኳ አይሞላም።

ግን ነርቭና ጡንቻ የሚያዳምጡት ያችኑ ጥቂቷን ነው። ከነርቭ ውጪ ያለው ካልሲየም እንደ ልጓም ነው። ልኩን ሲይዝ ነርቭ የሚነሳው ሲፈለግ ብቻ ነው። ሲያንስ ልጓሙ ይላላል፤ ነርቩ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሳል። ከንፈር ዙሪያ ጉንዳን የሚሄድ የሚመስለው፣ ጣት የሚደነዝዘው፣ ሲብስም እጅ የሚጨማደደው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው «ካልሲየም ሲያንስ ይደክማል» ይላል። እውነቱ ግን ነርቭና ጡንቻ ከልክ በላይ ይነቃሉ።

ልኩ ስንት ነው?

ላቦራቶሪ ከላቦራቶሪ ትንሽ ቢለያይም፣ በአብዛኛው በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም ነው። ሰው ጾሞ ቢውልም፣ አንድ ጣሳ ወተት ቢጠጣም ከዚህ አይወጣም።

ወረቀቱ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን ጠቅላላው ነው። ግማሽ ያህሉ ነጻ ሆኖ የሚሠራው ካልሲየም ሲሆን፣ ከቀረው አብዛኛው አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ የሚሄድ ነው። ነርቭ የሚያውቀው ነጻውን ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ሁለት ቦታ ላይ ያስፈልገናል።

ፓራታይሮይድና ታይሮይድ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ስማቸውና ጉርብትናቸው ነው ሰውን የሚያምታታው። ታይሮይድ አንገት ፊት ለፊት ያለ አንድ እጢ ነው፤ ሲያብጥ እንቅርት እንለዋለን። ፓራታይሮይዶች ደግሞ ከእሱ ጀርባ የተለጠፉ፣ ምስር የሚያካክሉ፣ በአብዛኛው ሰው ላይ አራት የሆኑ እጢዎች ናቸው። ከታይሮይድ ጋር በሥራ አይገናኙም። የደም ቧንቧ ግን ይጋራሉ፤ የአክስቴ ጣጣም የመጣው ከዚያ ነው።

የነዚህ ምስሮች ሥራ የደም ካልሲየምን መጠበቅ ነው። ሴሎቻቸው ላይ ነጻውን ካልሲየም የሚለካ ተቀባይ አለ። ትንሽ ሲወርድ በሰከንዶች ውስጥ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ይለቃሉ። ሲመለስ ይቀንሳሉ። ሆርሞኑ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በጥቂት ደቂቃ ግማሹ ይጠፋል። እንዲህ ቶሎ የሚመጣና ቶሎ የሚሄድ ስለሆነ ነው ልኩን አጥብቆ መያዝ የሚችለው።

ሆርሞኑ ሦስት በር ያንኳኳል። አጥንት ካልሲየም እንዲለቅ ያደርጋል። ኩላሊት ካልሲየሙን ከሽንት እንዲያስቀር፣ ፎስፌት የሚባለውን የፎስፈረስ ጨው ግን እንዲያፈስ ያዛል። ሦስተኛው ተዘዋዋሪ ነው፦ ኩላሊት ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራው መልኩ እንዲቀይር ያደርጋል፤ ያ ደግሞ አንጀት ከምግብ ብዙ ካልሲየም እንዲወስድ ያደርገዋል። የፎስፌቷን ነገር አትርሷት። አጥንት ሲሟሟ ካልሲየምና ፎስፌት አብረው ነው የሚወጡት። ፎስፌቱ ባይፈስ ኖሮ ካልሲየሙን መልሶ ይይዘው ነበር።

ቀዶ ጥገናው የእንቅርት ነው፤ ታዲያ ካልሲየም ለምን ይወርዳል?

አክስቴ የደላንታ ሰው ናት። ደጋው ላይ አዮዲኑን ዝናብ አጥቦ ስለወሰደው እንቅርት የቆየ እንግዳ ነው፤ የእሷም ከሃያ ዓመት በላይ አብሯት ኖሯል። እንጀራ ሲያንቃት ጊዜ ነው ለቀዶ ጥገና እሺ ያለችው። ታይሮይዷ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ከመግባቷ በፊት ካልሲየሟ 9.2 ነበር።

እንዲህ ባለ ትልቅ እንቅርት ላይ ፓራታይሮይዶቹን ከጀርባ ለይቶ ማስቀረት ከባድ ነው። አንዳንዴ አንዱ ሳይታወቅ አብሮ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን እዚያው እያሉ ደም የሚያደርሳቸው ቀጭን ቧንቧ ይጎዳና ለጊዜው ይደነግጣሉ። ሞቱ ማለት አይደለም፤ ሥራ አቆሙ ማለት ነው። ይህ የግድ የሐኪም ጥፋት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ በጥንቃቄ በተሠራም ላይ ይደርሳል። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ካልሲየሟ 8.4 ሆነ። ደህና ነበረች፤ ጠያቂዎቿን እያሳቀች ዋለች። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን «ከንፈሬን ወረረኝ፤ ጣቴም ደነዘዘ» አለች። ሆርሞኑ የጠፋው በመጀመሪያው ቀን ነው። ካልሲየሙ ግን ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ኩላሊቱ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ያፈሳል፣ አጥንቱም መስጠቱን ይቀንሳል። ዝቅተኛው ቦታ ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። «በመጀመሪያው ቀን ደህና ነበረች» የሚለው ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው። ወደ ቤት ከተላከች በኋላ፣ መንገድ ላይ የሚጀምራትም አለች።

መደንዘዙ ብርድ ነው ወይስ ካልሲየም? በምን ይለያል?

እኛም ቤት የመጀመሪያው ፍርድ ብርድ ነበር። አንዷ ጋቢ ደረበችላት፣ ሌላዋ እጇን በቅቤ ልታሽ ተነሳች። «አብሽሪ፣ ያልፋል» ተባለ። በወሎ አብሽር የማይባልበት ጭንቅ የለም፤ ለዚህ ግን አብሽር ብቻውን አይበቃም።

ብርድ ወይም አንድ ጎን ላይ መተኛት የሚያደነዝዘው አንድን ቦታ ነው። የካልሲየሙ ግን በሁለቱም እጅ ጣቶችና በአፍ ዙሪያ አንድ ላይ ይመጣል። ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አስራ፣ ከላይኛው የደም ግፊቷ ትንሽ ከፍ አድርጋ ነፍታ፣ ሦስት ደቂቃ ጠበቀች። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እጇ አንጓው ላይ ታጠፈ፤ አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ገባ፤ ሌሎቹ ጣቶች ቀጥ ብለው ተጣበቁ። ይህ የትሩሶ ምልክት ይባላል፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በነበረ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም የተጠራ ነው። ጉንጭን ከጆሮ ፊት ለፊት መታ መታ አድርጎ ከንፈር መንቀጥቀጡን ማየትም አለ፤ እሱ ግን ጤነኛ ሰው ላይም ስለሚታይ እኔ ብዙ አላምነውም።

ደሟ ሲመጣ ካልሲየም 7.1፣ አልቡሚን 3.4 ነበር። አልቡሚን ሲያንስ ተጣብቆ የሚሄደው ስለሚቀንስ ጠቅላላው ቁጥር ከእውነቱ በላይ ያስደነግጣል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ አልቡሚን ከ4 ባነሰ ቁጥር ልዩነቱን በ0.8 አባዝቶ መደመር። የእሷ ልዩነት 0.6 ነው፤ በ0.8 ሲባዛ 0.5 ገደማ። ስለዚህ የተስተካከለው 7.6 ነው። ትንሽ ተሻለ እንጂ አሁንም ዝቅተኛ ነው፤ ምልክትም አላት። ካልሲየም ግሉኮኔት በግሉኮስ ተቀጥኖ፣ ልቧ በማሽን እየታየ፣ በደም ሥሯ ቀስ ብሎ ተሰጣት። ቀስ ብሎ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በፍጥነት ከተገፋ የልብ ምትን ያዛባል። ከንፈሯ ሳይውል ሳያድር፣ መርፌው ሳይነቀል ለቀቃት።

ታይሮይድ ያስወጣ ሰው እቤት እያለ እንዲህ ካለው፣ ወተት አፍልቶ መጠበቅ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው ያለበት። ድምፅ መዘጋት፣ መንቀጥቀጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ደግሞ አንድ ደቂቃም አይጠበቅም።

ላቦራቶሪው ካልሲየሟ ልክ ነው አለ፤ እጇ ግን ይጨማደዳል። ይቻላል?

ይቻላል። ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና የደሙ አሲድነት ይቀንሳል። ያኔ አልቡሚን ተጨማሪ ካልሲየም ይይዛል። ጠቅላላው ቁጥር አልተነካም፤ ነጻው ግን ወርዷል። ለቅሶ ቤት ራሷን ስታ እጇ የሚቆለመም ሴት አይታችሁ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። ትንፋሽን ማረጋጋት ይመልሰዋል።

አንገቱን የተቀደደ ሰው ላይ ግን በቅድሚያ «ድንጋጤ ነው» ማለት አደጋ አለው። በተለይ ሁለቱ አብረው ሲመጡ፤ ካልሲየሟ ወርዶ የደነገጠች ሴት በትንፋሿ የባሰ ታወርደዋለች። መጀመሪያ ደም ይለካ።

ፀሐይ እዚህ ሞልቷል፤ ቫይታሚን ዲ እንዴት ያንሰናል?

ፀሐይ መኖሩና ቆዳ ላይ ማረፉ ይለያያሉ። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው የተወሰነው ጨረር በቀጥታ ሲያገኘው ነው። ከራስ እስከ እግር ተሸፍኖ የሚሄድ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወይም ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው ባቲ ሜዳ ላይ ቢኖርም ብዙም አይደርሰውም። በመስኮት መስታወት ያለፈ ፀሐይም አይቆጠርም። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ለተመሳሳዩ መጠን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ቆዳ የሠራው ገና ጥሬ ነው። ጉበት አንድ ጊዜ ይቀይረዋል፤ ያ የመጋዘኑ መልክ ነው፣ ላቦራቶሪ የሚለካውም እሱን ነው። ከዚያ ኩላሊት ሁለተኛውን ለውጥ ያደርግበትና ካልሲትሪዮል ይሆናል። አንጀት የሚያውቀው ይህንን የመጨረሻውን ነው። ለኩላሊቱ «ቀይር» የሚለው ደግሞ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ነው።

ስለዚህ ቫይታሚን ዲ ሲያንስ የደም ካልሲየም ወዲያው አይወድቅም። ፓራታይሮይዶቹ ሆርሞናቸውን ጨምረው ከአጥንት እየወሰዱ ይሞሉታል። ወረቀቱ ላይ 9.0 ይላል፤ ሒሳቡን የከፈለው ግን አጥንት ነው። ወገቤን፣ ጭኔን እያሉ ዓመታት የሚያሳልፉ ሴቶች «ካልሲየምሽ ልክ ነው» ተብለው የሚመለሱት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለች ሴት ታይሮይዷ ሲወጣ ድጋፉ አንድ ላይ ይነሳባታል፤ ስለዚህ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ትወርዳለች። ከቀዶ ጥገናው በፊት ቫይታሚን ዲን መሙላት ይጠቅማል የሚባለው ለዚህ ነው።

ካልሲየም ያነሰው በፓራታይሮይድ ይሁን በቫይታሚን ዲ በምን ይታወቃል?

ቁርጡን የሚናገረው ፓራታይሮይድ ሆርሞኑን መለካት ነው። ምርመራው ግን ሁሉ ቦታ የለም፣ ዋጋውም ይከብዳል። ርካሿ ፎስፌት ብዙ ትናገራለች።

ሆርሞኑ ፎስፌትን በሽንት የሚያስወጣ መሆኑን ከላይ አይተናል። እጢው ሥራ ካቆመ ፎስፌት ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ካልሲየም ዝቅ፣ ፎስፌት ከፍ። ቫይታሚን ዲ ካነሰ ግን እጢው ደህና ነው፣ እንዲያውም እየጮኸ ነው። ፎስፌቱ ይፈሳል፤ ሁለቱም ዝቅ ይላሉ። የአክስቴ ፎስፌት 5.6 ነበር፤ ልኩ እስከ 4.5 ነው። ያን ሳይ ነገሩ የእጢው መሆኑ ገባኝ። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ እሱ ፎስፌቱን በራሱም ምክንያት ያከማቻል።

ታይሮይድ ሲወጣ ካልሲቶኒንም አብሮ ይጠፋል። እሱ ካልሲየም የሚያወርድ ከሆነ፣ ካልሲየም መጨመር አልነበረበትም?

ይህን የጠየቀችኝ የጤና ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ጎበዝ ጥያቄ ነው። ካልሲቶኒን የሚወጣው ታይሮይድ ውስጥ ካሉ ሲ የሚባሉ ሴሎች ነው። አጥንት የሚያሟሙ ሴሎችን ያስቆማል፤ ስለዚህ ካልሲየም ያወርዳል። ካናዳዊው ሃሮልድ ኮፕ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲገልጸው መጀመሪያ ከፓራታይሮይድ የሚወጣ መስሎት ነበር። መማሪያ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ሁለቱን እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ ይሥሏቸዋል።

ሰው ላይ ግን ሚዛኑ እንደዚያ አይደለም። ታይሮይዱ ሙሉ በሙሉ የወጣ ሰው፣ ፓራታይሮይዶቹ ከዳኑ፣ ያለ ካልሲቶኒን ካልሲየሙ ልኩን ይዞ ይኖራል። ከሲ ሴሎች የሚነሳ የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ ካልሲቶኒኑ በብዙ እጥፍ ከፍ ይላል፤ ካልሲየሙ ግን አይወድቅም። ሲጠፋም ሲትረፈረፍም ለውጥ ካላመጣ፣ የዕለት ጠባቂው እሱ አይደለም ማለት ነው። ካልሲየም የሚወርደው በዋናነት ፓራታይሮይድ ሆርሞን ዝም ሲል ነው።

እንደ መድኃኒት ግን ያገለግላል። ካልሲየሙ በጣም ከፍ ላለ ሰው ከሳልሞን ዓሣ የተገኘው ዓይነት በመርፌ ይሰጣል፤ ከሰው ካልሲቶኒን ይልቅ ኃይለኛ ነው። ሁለት ቀን ገደማ ሲሆነው ሰውነት ይለምደውና ጉልበቱ ይቀንሳል። የአክስቴን ሥዕል ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ለምን ውዱ ካልሲትሪዮል ታዘዘ? ተራው ቫይታሚን ዲ አይበቃም?

መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ በጣም የምከራከርበት ይህ ነው። «ሁለቱም ቫይታሚን ዲ ነው፣ ርካሹን ስጠኝ» ይሉኛል። ተራው ዲ የሚያልፍበትን መንገድ አስታውሱ፦ ጉበት፣ ከዚያ ኩላሊት። ኩላሊቱን የሚያዘው ሆርሞን ከሌለ የመጨረሻው ደረጃ ይደክማል። መጋዘኑ ይሞላል፣ በሩ ግን የሚከፈተው በትንሹ ነው። ካልሲትሪዮል ያን ደረጃ አልፎ የመጣ ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ አንጀት ላይ ይሠራል። አክስቴ በቀን ሁለት ጊዜ 0.25 ማይክሮ ግራም ከካልሲየም ካርቦኔት ጋር ጀመረች። መጠኑን እየለካ የሚቀይረው ሐኪሟ ነው፤ የእሷን መጠን ማንም እንዳይወስድ።

«ወተት ይበቃታል» የሚሉም አሉ። ወተት ካልሲየም አለው፣ ፎስፈረስም አለው። የእሷ ችግር ግማሹ የፎስፌት መከማቸት ነው፤ ስለዚህ ምግብ ሆኖ ይጠጣ እንጂ ኪኒኑን አይተካም።

ኪኒኖቹን መቼ ልውሰድ? ከቡና ጋርስ?

ታይሮይዱ የወጣ ሰው የታይሮይዱን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲንም ይወስዳል። እሱ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ነው። ካልሲየም ሲያገኘው አንጀት ውስጥ ይይዘውና አያልፍም፤ ስለዚህ በመካከላቸው አራት ሰዓት ይኑር። ካልሲየም ካርቦኔት ግን የሆድ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ነው የሚሻለው።

ቡናም የሌቮታይሮክሲንን ነገር ያበላሻል። አክስቴን «ቡናውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዪው» ብላት፣ «ጀባ የተባለ ቡና ግማሽ ሰዓት ይቆያል እንዴ?» አለችኝ። ተስማማን፦ ኪኒኑ ከንጋት ጸሎቷ በፊት፣ አቦሉ ሲደርስ ሰዓቱ አልፏል። ካልሲየሙ ከምሳና ከእራት ጋር።

ካልሲየም እየተሰጠ ቁጥሩ ከፍ ካላለስ?

ማግኒዚየም ይለካ። ማግኒዚየም በጣም ሲያንስ ፓራታይሮይድ ሆርሞኑን መልቀቅ ያቅተዋል፤ የተለቀቀውም በአጥንትና በኩላሊት ላይ በደንብ አይሠራም። እሱ ሳይሞላ ካልሲየም ማፍሰስ ቀዳዳ እንስራ ውስጥ ውኃ መጨመር ነው። ለረጅም ጊዜ የተቅማጥ ሕመም ያለበት ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ይህ አስቀድሞ ቢታሰብ ጥሩ ነው።

ሦስተኛ ወሯ ነው፣ ካልሲየሟ 8.3 ነው። ከ8.5 በታች ሆኖ ሐኪሙ ለምን «ይበቃል» አለ?

ጠባቂው ሆርሞን ከሌለ ኩላሊት ካልሲየም ማስቀረት ያቅተዋል። ቁጥሩን በኪኒን ወደ 9.5 ብንገፋው ደስ የሚል ወረቀት እናገኛለን፤ ትርፉ ግን በሽንት ይፈሳል። ሽንት ውስጥ የበዛ ካልሲየም ድንጋይ ይሆናል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ስለዚህ የሚፈለገው ቁጥር ምልክት የማያሳይ፣ ከልኩ ታችኛው ጫፍ አካባቢ ያለ ነው። እጇ ካልደነዘዘ 8.3 ለእሷ ጥሩ ቁጥር ነው። ኪኒኑን ራስ መጨመር ወደ ሌላኛው ጥግ ይወስዳል፦ ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሆድ ድርቀት፣ መፍዘዝ።

የደነገጡ ፓራታይሮይዶች ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይነቃሉ። ስድስት ወር አልፎም ካልነቁ ቋሚ ሊሆን ይችላል ይባላል፤ እስከ ዓመት የሚጠብቁ ሐኪሞችም አሉ። መንቃታቸው የሚታወቀው ኪኒኑ ቀስ በቀስ ሲቀነስ ካልሲየሙ ሳይወርድ ሲቀር፣ ፎስፌቱም ወደ ልኩ ሲመለስ ነው። የአክስቴ ፎስፌት ባለፈው ወር 4.3 ሆኗል። ካልሲትሪዮሏ በቀን ወደ አንድ ጊዜ ተቀንሷል፤ በሁለት ሳምንት ተመልሳ ትለካለች። መስከረም ላይ ደግሞ ደላንታ ለመውጣት አስባለች፤ ኪኒኑን ይዛ።